12 ኪሎ ለአራት ቀን፦ የሰሜን ተራሮች ተጓዥ ሻንጣ በግራም ሲቆጠር

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አራት ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ከመነሳቱ በፊት ያውቀዋል። በመጀመሪያው ቀን ከቡይት ራስ ተነስቶ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሳንቃበር ያድራል። በማግስቱ 3,600 ሜትር ላይ ግጭ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን 3,926 ሜትር የሆነውን እመት ጎጎን ረግጦ ወደ ጨነቅ ይዘልቃል። በአራተኛው ቀን ማለዳ አቅም ያለው 4,430 ሜትር ወደሚሆነው ወደ ቧሂት ወጥቶ ይመለስና ከሰዓት በኋላ በመኪና ወደ ደባርቅ ያቀናል። አብዛኛው ተጓዥ ሳያውቀው የሚነሳው የሻንጣውን ክብደት ነው።

ብዙዎች ሻንጣቸውን በእጃቸው ብድግ አድርገው "ይቻላል" ብለው ያስቀምጡታል። እጅ ግን ጥሩ ሚዛን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ከመሬት የተነሳ ሻንጣና ግጭ ዳገት ላይ አምስተኛ ሰዓቱን የያዘ ሻንጣ አንድ አይሆኑም። 3,600 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚያስገባው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ያልተሰማ ሁለት ኪሎ እዚያ በየሃያ እርምጃው ያስቆማል።

ልምድ ያላቸው ተጓዦች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መነሻ ልክ የሰውነትን ክብደት አንድ አምስተኛ ነው። ምግቡም ውሃውም ተጨምሮ ማለት ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ተጓዥ ብትሆን ጣሪያዋ 12 ኪሎ ይሆናል። ይህ ልክ ሕግ አይደለም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዝቅ ሊያደርገው ይገባል። ጥቅሙ አንድ ቁጥር አስቀድሞ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ሻንጣው ለመግባት ቦታውን መከራከር ስላለበት ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለችን ተጓዥ በምሳሌነት ይከተላል። ጉዞዋ በታኅሣሥ ወር ነው፤ ክረምቱ አልፏል፣ ሌሊቱ ግን ወደ በረዶ ነጥብ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የምትሄደው ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሲሆን የፓርኩ ደንብ እንደሚያዘው ስካውት አብሯቸው አለ። ዕቃዋን ግን ራሷ ነው የምትሸከመው።

ለሥራው የሚያስፈልጋት ሁለት ሚዛን ነው። እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ለትናንሹ ዕቃ፣ የአውሮፕላን ተሳፋሪዎች የሚይዙት ተንጠልጣይ የሻንጣ ሚዛን ደግሞ ለትልቁ። ከዚያ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ታዘጋጃለች። በመጀመሪያው ዓምድ ከመነሻ እስከ መመለሻ የማይለወጠው ዕቃ ይሰፍራል፤ ድንኳን፣ መኝታ፣ ልብስ፣ መብራት። በሁለተኛው የሚያልቀው፤ ምግብ፣ ውሃ፣ ጋዝ። በሦስተኛው ደግሞ በሰውነት ላይ የሚሆነው፤ ጫማ፣ የተለበሰው ሱሪ፣ ባርኔጣ፣ ምርኩዝ። ሦስቱን መለየት የሚጠቅመው መቀነሻ መንገዳቸው ስለሚለያይ ነው። የማይለወጠው አራቱንም ቀን ይከብዳል፣ የሚያልቀው በየማዕዱ ይቀላል፣ የሚለበሰው ጀርባን ባይነካም እግርን ይነካል።

ተጓዧ ቤት ውስጥ ያገኘችውንና ከሰው የተዋሰችውን ሁሉ ስትመዝን ድምሩ 22,100 ግራም መጣ። ከክብደቷ ሲሦ በላይ ነው። ከጣሪያው ለመግባት አሥር ኪሎ መውረድ አለበት።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ወደ መቁረጥ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚገኘው ግን አምስት ግራም ነው። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው አራት ዕቃዎች ናቸው፦ ሻንጣው ራሱ፣ ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉና ከሥሩ የሚነጠፈው ፍራሽ። በዚህች ተጓዥ ዝርዝር ላይ ሻንጣው 2,400፣ ድንኳኑ 3,000፣ ስሊፒንግ ባጉ 2,000፣ በአየር የሚነፋው ፍራሽ 1,000 ግራም ይመዝኑ ነበር። አራቱ ብቻ 8,400 ግራም ናቸው።

ድንኳኑ ገንዘብ ሳይወጣ ቀለለ። የሁለት ሰው ድንኳን ስለሆነ አንዷ ጨርቁን፣ ሌላዋ ብረቱንና ካስማውን ስትይዝ ለእያንዳንዳቸው 1,500 ግራም ደረሰ። ፍራሹ 400 ግራም በሚመዝን ታጣፊ ስፖንጅ ተተካ። እንደ አየሩ ፍራሽ አይመችም፣ ነገር ግን እሾህ አይበሳውም። ስሊፒንግ ባጉ በላባ በተሞላ 1,200 ግራም ተለወጠ። ላባ ከሰው ሠራሽ ሙሌት ይልቅ ለክብደቱ ብዙ ሙቀት ይሰጣል፤ ከረጠበ ግን ሙቀቱን ያጣል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በታኅሣሥ ይሠራል፣ በሐምሌ ደግሞ አያስተማምንም። ሻንጣው የሚለወጠው በመጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ስፋቱ የሚታወቀው የሌላው ዕቃ መጠን ሲታወቅ ነው። 70 ሊትር ከሚይዘው 1,300 ግራም ወደሚመዝን 50 ሊትር ሲወረድ የአራቱ ዕቃዎች ድምር 4,400 ሆነ። አራት ኪሎ በአንድ ጊዜ ወረደ።

ስሊፒንግ ባግ ሲመረጥ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንደኛው ሰው ተመቻችቶ የሚተኛበት ነው፤ ሁለተኛውና ዝቅተኛው ደግሞ ተኮራምቶ ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ወሰን። ሻጮች ብዙ ጊዜ በትልቁ የሚጽፉት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ለግጭና ለጨነቅ ሌሊት የምቾቱ ቁጥር ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ባግ ያስፈልጋል። ከአስጎብኚ የሚከራይ ሰውም ባጉን ሲረከብ ይህን ቁጥር ማየትና በሻንጣ ሚዛኑ መመዘን አለበት፤ የኪራይ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለጥንካሬ እንጂ ለቅለት አይገዛም።

ቀጥሎ የልብሱ ተራ ነው። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ 1,500 ግራም የሚመዝን ጋቢ፣ 750 ግራም የሆነ ጂንስ፣ የ600 ግራም ሹራብ፣ 500 ግራም የሚመዝኑ ሦስት ቲሸርቶች፣ የ700 ግራም ቅያሪ ጫማ፣ 350 ግራም የዝናብ ጃኬትና 200 ግራም የውስጥ ልብስ ነበሩ። በድምሩ 4,600 ግራም ነው።

ጋቢውን ማስቀረት ለብዙ ሰው ይከብዳል። የደጋን ብርድ ለዘመናት የመከተ ልብስ ነው፤ በተራራው ላይም ስካውቶች ተከናንበውት ይታያሉ። ለሻንጣ ያለው ችግር ጥጥ መሆኑ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ክብደቱ ይጨምራል፣ በብርድ ቦታ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀት መያዙንም ያቆማል። ጂንሱና ቲሸርቶቹም በዚሁ ምክንያት ወጡ።

በቦታቸው የገባው ሦስት ድርብ ነው። ላብ ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ስስ የውስጥ ልብስ ለማታ ላይና ታች 350 ግራም፣ በላባ ወይም በሰው ሠራሽ ሙሌት የታጨቀ ጃኬት 400፣ ከሁሉም በላይ የሚደረብ የዝናብ ጃኬት 350 እና የዝናብ ሱሪ 250። የሚቀየር ሸሚዝ፣ ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ተጨምሮ 1,950 ግራም ሆነ። ከቀድሞው ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ የሚሰጠው ሙቀት ግን ይበልጣል። የማታው ልብስ ለማታ ብቻ መቀመጥ አለበት። ቀን የተላበበትን ለብሶ የሚተኛ ሰው እርጥበቱን ይዞ ወደ ባጉ ይገባል፣ ሌሊቱን ሙሉም ይበርደዋል።

ከዚያ የሚመጣው ጥቃቅኑ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ተጓዧ 650 ግራም የብረት ፔርሙዝ፣ 400 ግራም ትልቅ የእጅ ባትሪ፣ 450 ግራም ፓወር ባንክ፣ 600 ግራም ሙሉ የሻምፖና የቅባት ጠርሙሶች፣ 400 ግራም መጽሐፍ ይዛ ነበር፤ 2,500 ግራም። ፔርሙዙን ሁለት ባዶ ሃይላንዶች ተኩት፤ ሁለቱ በአንድ ላይ 80 ግራም ናቸው። የእጅ ባትሪው 90 ግራም በሆነ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ተለወጠ፤ ድንኳን በጨለማ ለሚተክል ሰው ሁለት እጁን ነፃ ያደርግለታል። ቅባቱና ሳሙናው ለአራት ቀን የሚበቃው ብቻ በትናንሽ ዕቃ ተቀነሰ። ትንሹ ፓወር ባንክም ይበቃል፣ ማታ ከስልኩ ጋር ወደ ስሊፒንግ ባጉ ከገባ፤ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳልና።

በዚህ ደረጃ መቀነስ ራሱ ሱስ ሊሆን ይችላል። የዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ምሳሌ አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትዉድ ናቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. በ67 ዓመታቸው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ሲጨርሱ የያዙት በእጃቸው የሰፉትን አንድ ከረጢት ነበር። ድንኳን አልነበራቸውም፤ ከዝናብ መከለያቸው የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። ከረጢታቸው ዘጠኝ ኪሎ አይሞላም ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፣ ነገር ግን ያ መንገድ በየቦታው ወደ መንደርና ወደ መኪና መንገድ ይወጣል፤ እሳቸውም ብዙ ሌሊት በሰው ቤት ተጠልለዋል። ከ3,600 ሜትር በላይ ንፋስና ብርድ ያለበት ገደል አፋፍ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም።

ስለዚህ በግራም ብዛት የማይዳኙ ዕቃዎች አሉ። የዝናብ ልብስ፣ ወፍራሙ ጃኬት፣ መብራቱ፣ የውሃ ማከሚያውና የመጀመሪያ እርዳታው ሳይነኩ ይቀራሉ። ሰው የሚጎዳው በበረዶ ብቻ አይደለም፤ አምስት ዲግሪ ላይ ረጥቦ ንፋስ ከመታው ሰውነቱ ሙቀት ያጣል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ መተሳሰርና የንግግር መኮላተፍ ነው። ያን ጊዜ የተተወው የዝናብ ጃኬት 350 ግራም ብቻ እንደነበረ ማሰብ አይጠቅምም።

አሁን የማይለወጠው ዓምድ ተዘጋ። መኝታና ሻንጣ 4,400፣ ልብስ 1,950፣ ጥቃቅን 1,600፣ በድምሩ 7,950 ግራም። ለምግብ፣ ለውሃና ለጋዝ የቀረው 4,050 ግራም ነው።

ምግብን በተመለከተ የአገሪቱ ስንቅ ከውጭ ከሚገዛ የተራራ ምግብ አያንስም። መጀመሪያ ታስቦ የነበረው የቱና ቆርቆሮ፣ የማርማላታ ጠርሙስና ብስኩት 3,600 ግራም ይመዝን ነበር። ከዚህ ውስጥ ብዙው ቆርቆሮ፣ ብርጭቆና ውሃ ነው፤ ባዶውም ተመልሶ መሸከም አለበት። በሶ ግን ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ ውሃ የለበትም፣ እሳትም አይፈልግም። ጭኮ ደግሞ በቅቤ ስለተለወሰ ይበልጣል፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች የሚሰጠው 4 ነው።

በቀን 600 ግራም ደረቅ ስንቅ 2,500 ያህል ካሎሪ ይሰጣል። አራተኛው ቀን ግማሽ ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ሦስት ቀን ተኩል፣ ማለትም 2,100 ግራም ነው። በሶ 700፣ ጭኮ 500፣ ለውዝ የገባበት ቆሎ 400፣ ድርቆሽ 250፣ ሻይና ስኳር 150፣ ሽሮ 100። እያንዳንዱ ቀን በየራሱ ፌስታል ከታሰረ የሦስተኛው ቀን ስንቅ በሁለተኛው ምሽት አይበላም።

ውሃ በክብደት ሊቃለል አይችልም፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሦስት ሊትር ይዞ መነሳት ከ12 ኪሎው ሩብ ያህሉን ይወስዳል። መፍትሔው በየማለዳው ስካውቱን ቀጣዩ ውሃ የት እንዳለ መጠየቅና እዚያ የሚያደርሰውን ብቻ መያዝ ነው፤ በበጋ አንዳንድ ምንጮች ይደርቃሉና። ለመጀመሪያው ቀን ተጓዧ 1.5 ሊትር ትይዛለች። ከወንዝ የተቀዳው የክሎሪን ክኒን ገብቶበት 30 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ በጨርቅ ይጠለላል። ክሎሪን የማይገድላቸው ተሕዋስያን ስላሉ አፍልቶ መጠጣት የበለጠ አስተማማኝ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃል።

ለማፍላት ግን ምድጃ ያስፈልጋል። ትንሹ የጋዝ ምድጃ 100፣ ድስቱ 200፣ ሙሉ የጋዝ ቆርቆሮው 380 ግራም ሲሆኑ ለሁለት ሲካፈሉ 340 ይደርሳታል። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ስለማይፈቀድ ወደ ጎንደር የሚበር ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ጋዝ ያልተገኘ እንደሆነ በሶውና ጭኮው ስላሉ ጉዞው አይቆምም፤ የሚቀረው ትኩስ ሻይና ሽሮ ነው።

ሙሉው ዝርዝር እንዲህ ሆነ፣ በግራም፦

መኝታና ሻንጣ
ባለ 50 ሊትር ሻንጣ 1,300
የድንኳን ድርሻ 1,500
ስሊፒንግ ባግ 1,200
ስፖንጅ ፍራሽ 400

ልብስ
ወፍራም ጃኬት 400
የዝናብ ጃኬት 350
የዝናብ ሱሪ 250
የማታ ልብስ ላይና ታች 350
ቅያሪ ሸሚዝ 150
የውስጥ ሱሪ 100
ሁለት ጥንድ ካልሲ 150
ኮፍያና ጓንት 200

ጥቃቅን
የግንባር መብራት 90
ስልክ 200
ፓወር ባንክና ገመድ 250
የመጀመሪያ እርዳታ 200
ሁለት ባዶ ሃይላንድ 80
የውሃ ክኒን 20
ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙናው 150
ሶፍትና ትንሽ መቆፈሪያ 130
የፀሐይ ቅባት 100
ቢላዋ 60
ኩባያና ማንኪያ 120
ከሻንጣው ውስጥ የሚገባ ወፍራም ላስቲክ 70
መታወቂያና ገንዘብ 80
መርፌ፣ ክርና ፕላስተር 50

የሚያልቅና የጋራ
ስንቅ 2,100
ውሃ 1,500
የምድጃ፣ የድስትና የጋዝ ድርሻ 340

ድምር 11,890

ከጣሪያው በታች 110 ግራም ቀረ። ሒሳቡ ግን በመነሻው ቀን አይቆምም። ረጅሙ ቀን እመት ጎጎን ዞሮ ጨነቅ የሚያደርሰው ሦስተኛው ስለሆነ ተጓዧ በዚያ ማለዳ አንድ ሊትር ውሃ መጨመር ትፈልጋለች። እስከዚያ 1,200 ግራም ስንቅ ተበልቷል። አንድ ኪሎ ውሃ ሲጨመር ሻንጣው 11,690 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ቀን እንኳ አልከበደም።

በሦስተኛው ዓምድ ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ትኩረት ይፈልጋል፤ ጫማ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው እኩል ክብደት ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ጉልበት ይወስዳል። 1,500 ግራም ከሚመዝን ጥንድ ወደ 1,000 ግራም የወረደ ሰው ከሻንጣው ሁለት ኪሎ የቀነሰ ያህል ይቀለዋል። ሆኖም ቀላሉ ጫማ ሶሉ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዝና በእግሩ የተላመደ መሆን አለበት። በጉዞው ማለዳ ከካርቶን የወጣ አዲስ ጫማ እስከ ሳንቃበር ድረስ ተረከዝ ይልጣል።

የተመዘነ ሻንጣ ደግሞ መሞከር ይኖርበታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው እንጦጦ አናት ላይ ሲወጣ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህ የሳንቃበር ከፍታ ማለት ይቻላል። ሻንጣው ውሃና ስንቁ ሳይቀር ተሞልቶ ሁለት ሰዓት ዳገት መሄድ ብዙ ነገር ያሳያል። ትከሻ ከቆሰለ ወይም ጣት ከደነዘዘ ጭነቱ ያለው በትከሻ ማሰሪያው ላይ ነው፤ የወገቡ ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ ተቀምጦ መጥበቅ አለበት። ሰውነት ወደፊት ከተቆለመመ ደግሞ ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ርቋል። ስንቁና ውሃው ወደ ጀርባ ተጠግተው መሐል ላይ፣ ስሊፒንግ ባጉ ከታች፣ የዝናብ ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ሲሆኑ ሻንጣው ይረጋል።

በቅሎ የሚከራዩ ተጓዦች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱም ዝርዝሩ ከሁለት ይከፈላል እንጂ አይጣልም። በቅሎዋ በሌላ መንገድ ልትሄድና ካምፕ ዘግይታ ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ድንኳኑ፣ መኝታው፣ ምድጃውና የማታው ልብስ በበቅሎ ይጫናሉ። ወፍራሙ ጃኬት፣ የዝናብ ልብሱ፣ መብራቱ፣ የመጀመሪያ እርዳታው፣ የውሃ ክኒኑ፣ የዕለቱ ስንቅና ውሃው ግን ከሰውዬው አይለዩም። እነዚህ ከትንሽ ሻንጣ ጋር ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናሉ።